የሠርጉ ቪዲዮ ሲታደስ ፊት እንዳይለወጥ

በቪኤችኤስ ካሴት የተቀረጸ የድሮ ሠርግ፣ በአገራችን በተለመደው የፓል ሥርዓት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ 720 በ576 ነጥብ ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል አለው ይባላል እንጂ እያንዳንዱ ምስል በተለያየ ቅጽበት የተነሱ ሁለት ግማሾች ጥምር ነው፤ አንዱ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመሮችን፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛውን ይዟል። ስለዚህ መጀመሪያ ግማሾቹን ለያይቶ በሰከንድ 50 ምስል ማውጣት ነው። ይህ በትክክል ከተሠራ እስክስታው ሳይቆራረጥ ይታያል፤ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የመሃል ምስል መፍጠር አያስፈልግም። እንዲያውም ትከሻ ሲፈጥን ፕሮግራሙ ክንድና ነጠላን ያዋህዳቸዋል።

በምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ብናኝ ማጥራትም ሲበዛ የጥበቡን ጥለት ይዞ ይሄዳል፤ ቆዳም እንደ ሰም ይለሰልሳል።

የከፋው ግን ፊት ላይ ነው። ዳሱ ጥግ የተቀመጡት አያት ፊት 20 ነጥብ ብቻ ስፋት ካለው፣ አራት እጥፍ የሚያጎላው ፕሮግራም የጎደለውን ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ይሞላዋል። ጥርት ያሉ፣ ግን ሌላ ሽማግሌ ይወጣሉ። ለማጣራት ቪዲዮውን እያቆሙ ጥርስን፣ ዐይንንና ጆሮን ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ ቅርጻቸው ከምስል ወደ ምስል ከተቀያየረ ፈጠራ ነው። እኔ ብሆን ከሁለት እጥፍ አላልፍም፤ ፊት ማደሻውንም አጠፋዋለሁ። ካሴቱንና መጀመሪያ የተገለበጠውን ፋይል አይጣሉ።