530 ሺህ ብር ትርፍ፣ 20 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ

ሐምሌ ላይ በብዙ የሂሳብ ባለሙያዎች ቢሮ የሚደጋገም ክርክር አለ። ነጋዴዋ የባንክ ደብተሯን ይዛ ትገባለች። ባለሙያው ዓመታዊ ሂሳቡን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አትርፈዋል» ይላታል። «ምን አተረፍኩ ትለኛለህ? ሃያ ሺህ ብር እኮ ነው የቀረኝ» ትላለች። እሱም ወረቀቱን፣ እሷም ደብተሯን ታሳያለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጉዳዩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እናንሳ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያቀናበርኳቸው እኔ ነኝ፤ አካሄዱ ግን በየወርክሾፑ ያለ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አለ እንበል። ግንቦት 1 ቀን ባንክ ውስጥ 600 ሺህ ብር ነበረው። በዚያው ሰሞን አንድ የግል ትምህርት ቤት 200 የተማሪ ዴስኮች አዘዘ፤ የአንዱ ዋጋ 6 ሺህ ብር፣ በድምሩ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ። ግማሹን ቅድሚያ ከፈለ። ግማሹን ደግሞ መስከረም ላይ፣ ወላጆች ሲከፍሉ፣ እሰጣለሁ አለ።

ባለቤቷ ሥራ ጀመረች። የ500 ሺህ ብር እንጨት፣ ብረትና ቀለም ገዛች። ለሠራተኞች 200 ሺህ ከፈለች። አከራይዋ የስድስት ወር ካልተከፈለኝ ስላለ 180 ሺህ ብር በአንድ ጊዜ ሰጠች። አሮጌው የእንጨት መሰንጠቂያ ስላስቸገራት አዲስ ማሽን በ300 ሺህ ገዛች። ዴስኮቹ አልቀው ሰኔ 20 ትምህርት ቤቱ ተረከባቸው። ሰኔ 30፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ባንክ ውስጥ የቀረው 20 ሺህ ብር ብቻ ነበር።

አሁን እነዚህን ሁለት ወራት በሁለት ዓይነት መንገድ እንመዝግብ።

የመጀመሪያው በጥሬ ገንዘብ መመዝገብ ነው፤ ባለሙያዎቹ ካሽ ቤዝስ ይሉታል። ሕጉ አጭር ነው፦ ብሩ እጅ ሲገባ ገቢ፣ ከእጅ ሲወጣ ወጪ። በዚህ አያያዝ ወርክሾፑ 600 ሺህ አስገብቶ 1 ሚሊዮን 180 ሺህ አውጥቷል፤ 580 ሺህ ብር ከስሯል ማለት ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ድርጅቱን ዝጊው ሊላት ይችላል። በመስከረም ደግሞ ሌላ ምንም ሳትሠራ፣ አንድ ምስማር እንኳ ሳትመታ፣ 600 ሺህ ብር ሲገባ ደብተሩ ትልቅ ትርፍ ያሳያል። ሥራው በአንድ ዓመት ተሠርቶ ትርፉ በሌላው ዓመት ይመዘገባል።

ሁለተኛው አክሩዋል የሚባለው ነው። እዚህ የሚጠየቀው ብሩ መቼ ተንቀሳቀሰ ሳይሆን ሥራው መቼ ተሠራ፣ ዕቃው መቼ ተላለፈ የሚለው ነው። ዴስኮቹ ሰኔ 20 ርክክብ ስለተደረገባቸው ሙሉው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሰኔ ሽያጭ ነው፤ ያልተከፈለው ግማሽ ተሰብሳቢ ተብሎ ይያዛል። ወጪውም ያንን ሽያጭ ለማምጣት የዋለው ብቻ ነው። ከተገዛው እንጨትና ብረት 400 ሺህ ብር የሚያወጣው ዴስክ ሆኗል፣ የ100 ሺህ ብሩ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፤ ስለዚህ ወጪው 400 ሺህ ነው። ኪራዩ በወር 30 ሺህ ስለሆነ የሁለቱ ወር 60 ሺህ ነው። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከታሰበ በዓመት 60 ሺህ፣ በሁለት ወር 10 ሺህ ብር ያረጃል፤ ይህ የእርጅና ተቀናሽ የሚባለው ነው። የሠራተኛውን 200 ሺህ ጨምረን ወጪው 670 ሺህ ይመጣል። ትርፉ 530 ሺህ ብር ነው።

በአንዱ ደብተር 580 ሺህ ኪሳራ፣ በሌላው 530 ሺህ ትርፍ፤ በመሃል የ1 ሚሊዮን 110 ሺህ ልዩነት አለ። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፣ የትም አልተሰወረም። 600 ሺህው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ነው። 100 ሺህው መጋዘን ውስጥ እንጨት ሆኖ ቆሟል። 120 ሺህው አከራይዋ አስቀድመው የወሰዱት የአራት ወር ኪራይ ነው። 290 ሺህው ገና ያላረጀው ማሽን ነው። አራቱን ደምሯቸው፣ ልክ 1 ሚሊዮን 110 ሺህ ይመጣል። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አልገጥም ያሉት ማንኛውም ሰው የመጀመሪያ ሥራው ይህ ዝርዝር ነው፦ ማን ዘንድ አለኝ፣ ምን ገዝቼ አስቀመጥኩ፣ ምን አስቀድሜ ከፈልኩ፣ የረጅም ጊዜ ዕቃ ምን ገዛሁ። ዝርዝሩ ተደምሮ ልዩነቱን ካልሞላ፣ ወይ ስህተት አለ ወይ ሰርቆት አለ።

(ለጥንቃቄ ያህል፦ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ የአንድ ቀን ወጪ ያደረግኩት ልዩነቱን አጉልቼ ለማሳየት ነው። በጥሬ ገንዘብ መመዝገብን የሚፈቅዱ የብዙ አገሮች የግብር ሕጎች እንኳ ለእንዲህ ያለ ንብረት ዋጋው በዓመታት እንዲከፋፈል ይጠይቃሉ።)

ለጉሊት ወይም ለሻይ ቤት በጥሬ ገንዘብ መመዝገብ ይበቃል፤ ሽያጩም ክፍያውም በዚያው ቅጽበት ስለሚያልቅ ሁለቱ መንገዶች እምብዛም አይራራቁም። ዱቤ፣ ክምችት ዕቃና ማሽን ሲመጣ ነው የሚለያዩት። ኩባንያዎች በአክሩዋል እንዲመዘግቡ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። በአገራችን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች የገቡት በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ሲሆን፣ የደረጃዎቹ መሠረት አክሩዋል ነው።

ችግሩ ግብሩም ይህንኑ ደብተር ተከትሎ መምጣቱ ነው። የቀሩት አሥር ወራት ያለ ትርፍና ኪሳራ አለፉ እንበል። የኩባንያ ንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነውና ከ530 ሺህው 159 ሺህ ብር ይፈለግባታል፤ ባንክ ውስጥ ያለው 20 ሺህ ነው። ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ስለሚቀርብ፣ ትምህርት ቤቱ በመስከረም ቃሉን ከጠበቀ ትተነፍሳለች። ለታኅሣሥ ካሳለፈው ግን ግብሩን በብድር ትከፍላለች። ለማቅለል ከስሌቱ ያወጣሁት ተጨማሪ እሴት ታክስም አለ፤ ደረሰኙ ተቆርጦ ከሆነ 15 በመቶው፣ በግዢ የከፈለችው ተቀንሶ፣ ገዢው ከፈለ አልከፈለ ሳይባል ለመንግሥት ይታወቃል። በዱቤ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያ ክፍያውን ሲደራደር ቢያንስ ይህንን ታክስና የጥሬ ዕቃውን ወጪ እንዲሸፍንለት ማድረጉን እኔ በጣም እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንሻገር፤ እሱ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው። መስከረም ላይ ወላጆች የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ክፍያ አጠናቀው ይከፍላሉ። የባንክ ሂሳቡ ጢም ይላል። ነገር ግን ገና አንድ ሳምንት አላስተማረም። በአክሩዋል ይህ ገንዘብ ዕዳ ነው፤ ገቢ የሚሆነው በየወሩ ማስተማሩ ሲከናወን ነው። ይህን የዘነጋ ባለቤት በመስከረም ሀብታም መስሎት መኪና ይገዛል፣ በጥር የመምህራን ደሞዝ ያጥረዋል።

የባንክ ብድርም እንዲሁ ነው። ሲገባ ካዝና ይሞላል፣ ትርፍ ግን አይጨምርም። ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ካዝና ይጎድላል፣ ትርፍ አይቀንስም፤ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው። ዕቁብም ከዚህ አይወጣም። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የወጣለት ሰው የተበደረ፣ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ሲቆጥብ የኖረ ነው። ሁለቱም የተቀበሉት ብር ገቢ አይደለም። ሆኖም በጥሬ ገንዘብ ብቻ በሚያዝ ደብተር ላይ ዕቁብ የገባበት ወር የዓመቱ ምርጥ ወር ሆኖ ሲጻፍ አይቻለሁ።

እንግዲህ አክሩዋል ይሻላል ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ግን አክሩዋል በግምት የተሞላ ነው። ማሽኑ አምስት ዓመት ያገለግላል ያለው ማነው? ትምህርት ቤቱ ይከፍላል ያለውስ? በዚህ ክፍተት ማጭበርበርም ይገባል። የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮም በዚህ ይታወሳል። የሌሎችን መስመር ለመጠቀም በየጊዜው የሚከፍለውን ኪራይ ወጪ ማድረግ ሲገባው፣ እንደ ማሽን በዓመታት የሚያረጅ ንብረት አድርጎ መዘገበው። የወጣው ብር ያው ነው፤ ትርፉ ግን አበጠ። የራሱ የውስጥ ኦዲተሮች ደርሰውበት በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. 3.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል በተሳሳተ መንገድ መመዝገቡን ኩባንያው አመነ፣ በቀጣዩ ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስ በ2005 እ.ኤ.አ. 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በእኛ ወርክሾፕ ደረጃ ያለው ፈተና ትንሽ ነው፤ ሐምሌ 5 የሚረከብ ዕቃን የሰኔ ሽያጭ ማድረግ፣ ወይም የሞተ ዱቤን በተሰብሳቢ ስም ማቆየት። ለመጀመሪያው ኦዲተሩ ደረሰኙን ብቻ አያይም፤ የማስረከቢያ ሰነዱን ቀንና ፊርማ ያያል፣ ሐምሌ ላይ የተመለሰ ዕቃ መኖሩንም ይጠይቃል። ለሁለተኛው ተሰብሳቢውን በዕድሜው ይደረድራል፦ ከ30 ቀን በታች፣ እስከ 60፣ እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። ሽያጩ ሳያድግ የመጨረሻው ዓምድ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ከሄደ፣ ትርፉ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ይጠረጥራል፤ ከማይሰበሰበው ግምት ያህል ወጪ እንዲያዝም ይጠይቃል።

ሁለቱን ደብተሮች የሚያገናኝ ሦስተኛ ገጽ አለ፤ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ይባላል። ከ530 ሺህው ትርፍ ይነሳል። ብር ሳይወጣበት ትርፉን የቀነሰውን የእርጅና 10 ሺህ መልሶ ይደምራል። ያልተሰበሰበውን 600፣ የተከማቸውን እንጨት 100፣ የተከፈለውን ቅድሚያ ኪራይ 120 ሺህ ይቀንሳል። የወርክሾፑ የዕለት ሥራ 280 ሺህ ብር እንደበላ ያሳያል። ለማሽን የወጣው 300 ሺህ ለብቻው፣ ከሥር ይጻፋል። ድምሩ 580 ሺህ፣ ባንክ ውስጥ የጎደለው ብር ነው። ብድር የሚፈቅድ ባንከኛ ትርፉን አይቶ ወዲያው ወደዚህ ገጽ የሚገለብጠው ለዚህ ነው። ያ 280 ሺህ በአንድ ሰኔ ብቻ ከታየና መስከረም ላይ ከተመለሰ፣ የትምህርት ቤት ደንበኛ ያለው ሰው የተለመደ ወቅታዊ ጉድለት ነው፤ የአጭር ጊዜ ብድር ይሸፍነዋል። ትርፉ እየጨመረ ይህ ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ ከዜሮ በታች ከቆየ ግን፣ ባንከኛው ስለ ዴስኮቹ ሳይሆን ስለ ገዢዎቹ መጠየቅ ይጀምራል።