ምግብ ሲሞቅ ዋይፋይ ለምን ይቆራረጣል?

ምሳ ለማሞቅ ማይክሮዌቭ ሲበራ የቪዲዮ ጥሪው ይንተባተባል፤ ሲጠፋ ይስተካከላል። ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው። ብዙ ዋይፋይም የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። በበሩ ዳር የምታመልጠው ጥቂት ሞገድ ለደካማው የዋይፋይ ምልክት ትልቅ ጩኸት ናት።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ላፕቶፑን ወጥ ቤት አጠገብ አስቀምጡና በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ላይ ይህን ጻፉ። ቁጥሩን በራሳችሁ ራውተር አድራሻ ተኩት።

```
ping -t 192.168.1.1
```

መልሱ የሚመጣው ከራውተሩ ስለሆነ፣ የሚታየው ችግር ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ማይክሮዌቩ ጠፍቶ ለአንድ ደቂቃ ተመልከቱ። ከዚያ አንድ ኩባያ ውኃ አስገብታችሁ ለአንድ ደቂቃ አሙቁ። `time=3ms` ይል የነበረው ወደ መቶዎች ከዘለለ ወይም `Request timed out` ካለ፣ ሲጠፋም ወዲያው ከተመለሰ፣ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው። አጋጣሚ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ ድገሙት።

የሕፃን መከታተያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ችግሩ መጥቶ የሚሄድ አይመስልም። እሱን ለመፈተን ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ባትሪውንም አውጥታችሁ ቁጥሩን አወዳድሩ። ገመድ አልባውን የቤት ስልክ ደግሞ እየተነጋገራችሁበት ፈትኑት፤ `DECT` የሚል ጽሑፍ ካለው በሌላ ሞገድ ስለሚሠራ ጥርጣሬውን ወደ ሌላ አዙሩ።

በመጨረሻ ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ቀይሩት። መቆራረጡ ከቆመ ማረጋገጫውም መፍትሔውም ይኸው ነው፤ ሆኖም ይህ ሞገድ ግድግዳ ሲያቋርጥ ቶሎ ይደክማል።