የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች የሚሠሩበት ቦታ እና ማርከሻዎቻቸው

በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» ተብለው የሚጠሩት መድኃኒቶች ደምን አያቀጥኑም፤ ደም የሚረጋበትን ሂደት ያዘገያሉ ወይም ያግዳሉ እንጂ። ይህን ተግባራቸውን ሁሉም የሚያከናውኑት በአንድ ቦታ አይደለም። አንዱ የሂደቱን መጀመሪያ፣ ሌላው መካከሉን፣ ሌላው ደግሞ መጨረሻውን ይይዛል። በመሆኑም ከመጠን ያለፈ መድማት ሲያጋጥም ለአንዱ መድኃኒት የሚሰጠው ማርከሻ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል። አንድ ታካሚ የሚወስደውን መድኃኒት በስሙ ለይቶ ማወቅ የሚኖርበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደም እንዴት ይረጋል?

የደም ሥር ሲቆረጥ ወይም ውስጠኛው ግድግዳው ሲቆስል በመጀመሪያ ወደ ቦታው የሚደርሱት ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ በቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ፤ ኬሚካላዊ ምልክት በመልቀቅም ሌሎች ፕሌትሌቶችን ይጠራሉ። በዚህ መልኩ ጊዜያዊ መድፈኛ ይሠራል።

ከዚህ ጎን ለጎን በጉበት ተሠርተው በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በተራ ወደ ሥራ ይገባሉ። በሰንሰለቱ መጨረሻ አካባቢ «ፋክተር አሥር» የተባለው ፕሮቲን ትሮምቢንን ያስገኛል፤ ትሮምቢን ደግሞ በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘውን ፕሮቲን ፋይብሪን ወደሚባል ክር ይለውጠዋል። መድፈኛውን እንደ መረብ አጥብቆ የሚይዘው ይህ ክር ነው።

ደም በፍጥነት በሚፈስባቸው የልብና የአንጎል ደም ወሳጅ ቧንቧዎች የሚፈጠረው የረጋ ደም በአብዛኛው በፕሌትሌት የተሞላ ነው። ደም በዝግታ በሚንቀሳቀስባቸው የእግር ደም መላሽ ሥሮችና በሰፋ የልብ ክፍል ውስጥ የሚፈጠረው ግን ፋይብሪን ያመዝንበታል። ለልብ ድካም ሳይሆን ለልብ ደም ሥር መዘጋት አስፒሪን፣ ለእግር ደም ሥር መርጋት ደግሞ ዋርፋሪን ወይም ሄፓሪን የሚታዘዘው በዚህ ልዩነት የተነሳ ነው።

በፕሌትሌት ላይ የሚሠሩ፦ አስፒሪን እና ክሎፒዶግሬል

አስፒሪን ፕሌትሌት ሌሎችን የሚጠራበትን አንዱን ምልክት እንዳያመነጭ ያግደዋል። ክሎፒዶግሬል ደግሞ ፕሌትሌት ከሌሎች የሚላክለትን ሌላ ምልክት እንዳይቀበል ያደርጋል። ሁለቱም ያገዱትን ፕሌትሌት መልሰው አይለቁትም። ፕሌትሌት አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ኒውክለስ ስለሌለው ከ7 እስከ 10 ቀን በሚቆየው ዕድሜው ሙሉ እንደታገደ ይኖራል።

እነዚህ መድኃኒቶች የተለየ ማርከሻ የላቸውም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነት በየቀኑ ከፕሌትሌቶቹ አንድ አሥረኛ ያህሉን በአዲስ ስለሚተካ የመርጋት አቅም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ለቀዶ ሕክምና ሲባል መድኃኒቱን ማቆም ካስፈለገ ከቀናት በፊት የሚወሰነው ለዚህ ነው። ይሁንና በልብ ደም ሥሩ ውስጥ ማስፊያ ቱቦ የተገባለት ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ቢያቆም ቱቦው በድንገት ሊዘጋ ይችላል።

በሰንሰለቱ ላይ በቀጥታ የሚሠሩ፦ ሄፓሪን እና አዳዲሶቹ እንክብሎች

ሄፓሪን በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን በደም ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘውን የመርጋት መቆጣጠሪያ ፕሮቲን ያበረታል፤ ይህም ፋክተር አሥርንና ትሮምቢንን ከሥራ ውጪ ያደርጋል። ሥራውን የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ዓይነት ሲቋረጥም ኃይሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ማርከሻው ፕሮታሚን ነው። ፕሮታሚን ከሄፓሪን ጋር ተጣብቆ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል፤ 1 ሚሊ ግራም ፕሮታሚን 100 ዩኒት ያህል ሄፓሪን ያረክሳል። ከቆዳ ሥር የሚወጋውን ኢኖክሳፓሪን ግን የሚያረክሰው በከፊል ብቻ ነው።

ሪቫሮክሳባን እና አፒክሳባን ፋክተር አሥርን፣ ዳቢጋትራን ደግሞ ትሮምቢንን በቀጥታ ይይዛሉ። የዳቢጋትራን ማርከሻ ኢዳሩሲዙማብ ይባላል፤ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ፀረ እንግዳ አካል ነው። ለሪቫሮክሳባንና ለአፒክሳባን አንዴክሳኔት አልፋ የተባለ ማርከሻ የተሠራ ቢሆንም ውድና በብዙ አገሮች የማይገኝ በመሆኑ ሐኪሞች በአብዛኛው የተከማቹ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን ይሰጣሉ።

እነዚህ አዳዲስ እንክብሎች ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ባይጠይቁም ለሁሉም ታካሚ አይሆኑም። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላላቸው ሕሙማን አይሰጡም። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ምታቸው የተዛባ ሕሙማንን በሚመለከትም በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች ከ4 ሺህ 500 በላይ ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ያነሰ ሞት እንደታየባቸው አሳይቷል። የሩማቲክ የልብ ሕመም በስፋት በሚገኝባት ኢትዮጵያ ዋርፋሪን ዛሬም ዋነኛ መድኃኒት ሆኖ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በምንጩ ላይ የሚሠራው፦ ዋርፋሪን

ዋርፋሪን በደም ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች አይነካም። ጉበት ከማርጊያ ፕሮቲኖቹ አራቱን አሟልቶ ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን ጥቅም ላይ የዋለው ቫይታሚን ኬ ታድሶ ዳግም እንዳያገለግል ያደርጋል። ከዚህ በኋላ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ጎዶሎ ይሆናሉ። ቀደም ብለው የተሠሩት ግን ዕድሜያቸው እስኪያልቅ በሥራ ላይ ይቆያሉ። ከመካከላቸው ቶሎ የሚያልቀው በሰዓታት ውስጥ ሲቀንስ፣ የትሮምቢን መገኛ የሆነው ግን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ዋርፋሪን ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት 5 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ የረጋ ደም ያለበት ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄፓሪንም አብሮ የሚሰጠው ይህን ክፍተት ለመሸፈን ነው።

የዋርፋሪን ኃይል የሚለካው አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን በማይወስድ ጤነኛ ሰው ውጤቱ 1 ገደማ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3፣ በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ቫልቭ ቦታ የብረት ቫልቭ ለተገባላቸው ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚህ ካነሰ ደም የመርጋት፣ ከበዛ የመድማት አደጋ ይጨምራል።

የማርከሻው አሠራርም መድኃኒቱ ከሚሠራበት ቦታ ይመነጫል። ቫይታሚን ኬ ሲሰጥ ጉበት ሙሉ ፕሮቲኖችን እንደገና መሥራት ይጀምራል፤ ነገር ግን ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። በደም ሥር ሲሰጥ ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ በአፍ ሲሰጥ ደግሞ በ24 ሰዓት ገደማ ይታያል። ሕይወትን አስጊ መድማት ሲኖር ይህን ያህል መጠበቅ ስለማይቻል የተሠሩ ፕሮቲኖችን የያዘ የደም ፕላዝማ ወይም የተከማቸ የማርጊያ ፕሮቲን አብሮ ይሰጣል።

አንድ ምሳሌ

የብረት ቫልቭ የተገባላት የ34 ዓመት እናት በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ዋርፋሪን ትወስዳለች እንበል። የመጨረሻው የአይ ኤን አር ውጤቷ 2.8 ነበር። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት ወደ ሌላ ጤና ተቋም ስትሄድ ዋርፋሪን እንደምትወስድ ሳትናገር ኮትሪሞክሳዞል ታዘዘላት። በ6ኛው ቀን ጥርሷን ስታጥብ ድዷ መድማት ጀመረ፤ በክንዷም ላይ ሳትመታ የተፈጠረ ሰማያዊ እባጭ አየች። ምርመራ ሲደረግላት አይ ኤን አር 8.4 ሆኖ ተገኘ።

የዋርፋሪን መጠኗ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሰውነቷ የሚወገድበት ፍጥነት ነው። ኮትሪሞክሳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን ኤንዛይም ስላገደው መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ ተከማችቷል።

መድማቱ ቀላል በመሆኑ ሐኪሙ ዋርፋሪኑን ለጊዜው ያቆማል፤ ኮትሪሞክሳዞሉን በሌላ መድኃኒት ይተካል፤ በአፍ የሚወሰድ ከ1 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ብቻ ይሰጣል። መጠኑ እንዲያንስ የሚደረግበት ምክንያት አለ፦ ብዙ ቫይታሚን ኬ ቢሰጣት ዋርፋሪን ለሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ላይሠራላት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ በብረት ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። በማግስቱ አይ ኤን አር 4.1፣ በሦስተኛው ቀን 3.2 ሲሆን ዋርፋሪኑ በቀድሞ መጠኑ ይቀጥላል፤ ምርመራውም በዚያው ሳምንት ይደገማል።

ይህችው እናት የመጣችው በድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታትና በአንድ ጎን ድካም ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንጎል ውስጥ መድማት ከተረጋገጠ የቫልቩ ስጋት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ይወርዳል፤ ቫይታሚን ኬ በደም ሥር፣ ፕላዝማ ወይም የተከማቸ የማርጊያ ፕሮቲንም ወዲያውኑ ይሰጣታል። የምትወስደው አስፒሪን ብቻ ቢሆን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ምንም አይጠቅማትም ነበር።

ዋርፋሪን የሚወስዱ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

እንደ ኮትሪሞክሳዞል ሁሉ ሜትሮኒዳዞልም አይ ኤን አርን ከፍ ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው በእጅጉ ዝቅ ያደርገዋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ በመጉዳትና ፕሌትሌትን በማወክ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ።

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው። በጾም ወራት የጎመን መጠን በድንገት ሲጨምር አይ ኤን አር ሊወርድ፣ ጾሙ ሲፈታና ጎመኑ ሲቀር ሊወጣ ይችላል። ጎመንን መተው አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን መጠን ተቀራራቢ ማድረግና የጾም ወቅት ሲገባ ምርመራውን ማቅረብ ይበቃል።

ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለማርገዝ ያሰቡ ወይም የወር አበባ የዘገየባቸው ሴቶች ሳይዘገዩ ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን በተለይ የብረት ቫልቭ ላላቸው አደገኛ ነው።

ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ለ10 ደቂቃ ተይዞ የማይቆም ነስር፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም፣ እንዲሁም ጭንቅላትን ያገኘ ምት ምንም ሕመም ባይኖረውም እንኳ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። በድንገተኛ ክፍል ማርከሻውን ለመምረጥ ባለሙያው የሚፈልጋቸው መረጃዎች አራት ናቸው፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጨረሻ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ የታዘዘበት ምክንያት፣ የመጨረሻው የአይ ኤን አር ውጤት። ታካሚው ራሱ መናገር የማይችልበት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል እነዚህን የያዘ ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ማስቀመጥና አንድ የቤተሰብ አባል እንዲያውቃቸው ማድረግ ይገባል።