እግሩ የተሰበረ ልጅ ማመልከቻ

ጀሞ ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ወላጆች ከሚጽፏቸው ማመልከቻዎች ሁሉ እግሩን ለተሰበረ ልጅ የሚገባውን አንድ ገጽ አክብሬ አነባለሁ። ብዙ ሰው እንደ ፎርማሊቲ ቢያየውም፣ በደንብ ከተጻፈ የልጁን አጥንትም ውጤቱንም ይጠብቃል።

ቅርጹን ሁሉም ያውቀዋል። ቀን፣ ለርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት፣ ጉዳዩ፣ ዝርዝሩ፣ ከሰላምታ ጋር፣ ስምና ፊርማ፤ ከሥር ከሐኪም የተሰጠው ማስረጃ ኮፒ ይያያዛል። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይህን በደቂቃ ይሠሩታል። ችግሩ ኮምፒውተራቸው ላይ የተቀመጠውን የሌላ ሰው ማመልከቻ ከፍተው ስም ብቻ መቀየራቸው ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የሚደርሰኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ልጄ እግሩን ስለተሰበረ ጀሶው እስኪፈታ ድረስ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ።» ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር ተዉት። ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ስሕተት «ጀሶው እስኪፈታ» የሚለው ነው። ጀሶ የሚፈታው አጥንቱ ተገናኝቶ መራመድ ሲያስችል ነው፤ ያ ማለት ግን ዝላይ ይችላል ማለት አይደለም። አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ መጀመሪያ ለስላሳ፣ ቀጥሎ እየጠነከረ የሚሄድ አዲስ አጥንት ይበቅላል። በራጅ ላይ ስብራቱን የከበበ ነጭ እብጠት ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ይህ አዲስ አጥንት ተስተካክሎ የቀድሞ ጥንካሬውን እስኪይዝ ወራት ይፈልጋል። ጣውላው የተነሣለት ኮንክሪት ቆሞ ቢታይም ወዲያው ሙሉ ጭነት እንደማይጫንበት ነው። በዚያ ላይ ጀሶ ውስጥ የቆየ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይደርቃሉ። ቱታ ለብሶ ሲቆም የታመመው ጭን ከጤነኛው ቀጥኖ በዓይን ይለያል። እንዲህ ያለ እግር ሲሮጥ ሚዛን ይስታል፤ ልጁ ከወደቀ ደግሞ አዲሱ አጥንት ቶሎ ይሰበራል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸውን ጀሶው በተፈታ ማግስት ቱታ አልብሰው አመጡልኝ። «ቲቸር፣ ተፈታለት እኮ! ዛሬ ይጫወት» አሉኝ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። ልጁን እስከ ግቢው በር ድረስ እንዲራመድ ጠየቅሁት፤ ያነክሳል። በታመመው እግር ብቻ እንዲቆም ስለው የእናቱን ትከሻ ያዘ። «እናቴ፣ ሐኪሙ መሮጥ ይችላል ብለው ጽፈዋል?» አልኳቸው። ወረቀቱን አውጥተው አየነው፤ የሚለው ከአራት ሳምንት በኋላ ለምርመራ ይመለስ ነው። እስኪመለስ ድረስ ልጁ ውጤት መዝጋቢዬ ሆነ፤ ሰዓት ያዘ፣ ነጥብ ጻፈ።

አንድ ምሳሌ በቀን እንቁጠረው። የ10 ዓመት ልጅ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም ቅልጥሙ መሃል ላይ ተሰበረ እንበል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ጀሶ ይፈልጋል። በ8 ሳምንት ቢፈታለት ታኅሣሥ 1 ይሆናል። ሐኪሙ ሁለት ወር ከሩጫና ከዝላይ ይራቅ ካሉ ደግሞ እስከ ጥር መጨረሻ ይዘልቃል። እንግዲህ «ጀሶው እስኪፈታ» የሚለው ፈቃድ ልጁ ገና በሚያነክስበት ቀን አለቀ ማለት ነው። የጭን አጥንት ከሆነ ጊዜው ይረዝማል፤ ለትንሽ ሕፃን ያጥራል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ መጻፍ ያለበት ሐኪሙ የሰጡት ቀን፣ ያልሰጡ እንደሆነም «ሐኪም ሩጫና ዝላይ መፈቀዱን በጽሑፍ እስኪገልጽ» የሚል ነው።

እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠሩን ልብ በሉ። የሕክምና ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ወረቀቱ ላይ 10/12/2025 ሆኖ ይመጣል፤ በእኛ ልማድ ያነበበው ነሐሴ 10 ይለዋል። ማመልከቻው ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወሩንም በስሙ ጻፉት።

ሁለተኛው ስሕተት «ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነፃ» የሚለው ነው። ትምህርቱ ውጤት አለው፤ የጽሑፍ ክፍልም የተግባር ክፍልም አለው። በምሳሌያችን ልጁን የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አብዛኛው የተግባር ልምምድ ሊያመልጠው ነው። ማመልከቻው ስለ ውጤቱ ዝም ካለ መምህሩ በባዶ መዝገብ ምን ይሙላ? ልጁ ከእንቅስቃሴው እንጂ ከትምህርቱ እንዲቀር አትጠይቁ። በእኔ ምርጫ እንዲህ ይጻፋል፦

«ጉዳዩ፦ ከተግባር እንቅስቃሴ ፈቃድ ስለመጠየቅ
የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም የግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። በተያያዘው የሐኪም ማስረጃ መሠረት እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም ከሩጫ፣ ከዝላይና ከኳስ ጨዋታ እንዲርቅ፣ በክፍለ ጊዜው ተቀምጦ እንዲማርና የተግባር ውጤቱ በጽሑፍ ሥራ ወይም በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንዲተካለት እጠይቃለሁ። በሰልፍ ጊዜ እንዲቀመጥ፣ በእረፍት ሰዓትም ኳስ ከሚጫወቱት እንዲለይ ይረዳልኝ። የእግሩ ጣቶች ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው በስልኬ ይደወልልኝ።»

የእረፍት ሰዓቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በእኔ ክፍለ ጊዜ ልጁን የማየው እኔ ነኝ፤ በእረፍት ሰዓት ግን ግቢው በሙሉ ይሮጣል፣ በክራንች የቆመን ልጅ የሚያስተውል የለም። የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍም እንዲሁ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት በክራንች ወርዶ የመጣ ልጅ እንደገና ሲቆም ማየት ያሳዝነኛል። ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ምድር ቤት ወዳለ ሴክሽን እንዲዛወርም አብራችሁ ጠይቁ።

ወጌሻ ዘንድ የታሰረ ልጅ የሐኪም ወረቀት አይኖረውም። ትምህርት ቤቶች ማስረጃ የለም ብላችሁ ማመልከቻውን አትመልሱት፤ ልጁን ለጊዜው ከእንቅስቃሴ አስቀምጡና ወላጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ላኩት። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱ ቢሮ ገቢ ይሁን፤ ሌላውን ገቢ መሆኑን አስፈርማችሁበት ለስፖርት መምህሩ በእጁ ስጡት። ቢሮ ፋይል ውስጥ የቀረ ማመልከቻ ሜዳ ላይ ላለ መምህር አይደርስም።