በዓምድ ሥዕል ላይ ስለሚሰመረው የስሕተት መስመርና ስለ አነባበቡ

ከየወረዳው የሚላከው የሰብል ምርት መግለጫ ብዙውን ጊዜ በዓምድ ሥዕል ተሥሎ ይቀርባል። ዓምዱ የሚያሳየው አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጥቂት ማሳዎች ተመዝኖ የተገኘው አማካይ ነው። በወረዳው ያለው ማሳ ሁሉ ግን አልተመዘነም። በዕጣ ሌሎች ማሳዎች ወጥተው ቢሆን ኖሮ፥ ዓምዱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይል ነበር። ይህ ከፍና ዝቅ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክተው በዓምዱ ራስ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰመረው ቀጭን መስመር ነው፤ የስሕተት መስመር ይባላል። ስሕተት መባሉም መዛኙ አጠፋ ለማለት አይደለም።

ነገሩ እንዲገለጥ ለምሳሌ ያህል ሦስት ወረዳዎች እናስብ። በእያንዳንዱ ማሳ 4 ሜትር በ4 ሜትር ተለክቶ ስንዴው ታጨደ፥ ተወቃ፥ ተመዘነ። ከዚህ 16 ካሬ ሜትር 3.84 ኪሎ ቢገኝ በሄክታር 24 ኩንታል ማለት ነው። በወረዳ ሀ 25 ማሳዎች ተመዝነው አማካዩ 24 ኩንታል ሆነ፤ ማሳዎቹ እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት መጠን፥ ማለት መደበኛ ልይይቱ፥ 6 ኩንታል ነው። በወረዳ ለ ደግሞ ከ25 ማሳዎች አማካዩ 28፥ ልይይቱ 7 ሆነ። በወረዳ ሐ ጊዜ ስላጠረ 9 ማሳዎች ብቻ ተመዘኑ፤ አማካዩ 30፥ ልይይቱ 9 ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 5 ጊዜ 5 25 ስለ ሆነ፥ የወረዳ ሀን ልይይት 6ን ለ5 ብናካፍል 1.2 ይሆናል፤ ይህም የአማካዩ መደበኛ ስሕተት ነው። ለ25 ማሳ በተመደበው ማባዣ በ2.06 ሲባዛ 2.5 ያህል ይወጣል። ስለዚህ መስመሩ ከ21.5 እስከ 26.5 ይደርሳል፤ ይህም የ95 በመቶ መተማመኛ ክልል ነው። በዚሁ አኳኋን ወረዳ ለ ከ25.1 እስከ 30.9 ይሆናል። ለወረዳ ሐ ማባዣው 2.31 ስለ ሆነ ከ23.1 እስከ 36.9 ይሰፋል። ከሁሉ የረዘመው ዓምድ ከሁሉ ያነሰ እርግጠኝነት ያለው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በኤክሴል የሚሠራ ጸሐፊ የወረዳ ሀን ግማሽ መስመር በዚህ ያገኛል፦

```
=CONFIDENCE.T(0.05,6,25)
```

ሦስቱን ውጤቶች በተራ ጽፎ Error Bars ከሚለው ውስጥ Custom የሚለውን መርጦ ያስገባቸው። በዚያው ስፍራ Standard Error የሚል ዝግጁ ምርጫ አለ፤ ነገር ግን እርሱ የሚያሰላው ከሥዕሉ ዓምዶች ቁመት እንጂ ከማሳዎቹ ስላልሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም። ዘጠኝ ማሳ የተመዘነበትና ሃያ አምስት ማሳ የተመዘነበት ዓምድ እኩል መስመር ይዘው ከታዩ፥ ይህ ምርጫ እንደ ተነካ ሊጠረጠር ይገባል።

አሁን ወደ አነባበቡ እንመለስ። የሀ ክልል ከ21.5 እስከ 26.5 ነው ሲባል፥ ብዙዎቹ ገበሬዎች በዚህ መካከል አመረቱ ማለት አይደለም፤ ልይይቱ 6 ስለ ሆነ 18 ወይም 30 ያገኘ ገበሬ እንግዳ ነገር አይሆንም። ክልሉ የሚናገረው ስለ ወረዳው አማካይ ነው። ይህን የመሰለ ጥናት መቶ ጊዜ ቢደረግና በየጊዜው ክልል ቢወጣ፥ ከመቶው 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዛሉ።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ የተለመደ ነው። የሀ እና የለ መስመሮች ከ25.1 እስከ 26.5 ድረስ ይደራረባሉ። ይህን ያየ ሹም «ልዩነት የለም» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ልዩነቱ ራሱ ሊሰላ ይገባዋል። 1.2 በራሱ ሲባዛ 1.44፥ የለ መደበኛ ስሕተት 1.4 በራሱ ሲባዛ 1.96፤ ድምሩ 3.4 ሲሆን የዚህ ዳግም ዘር 1.84 ነው። ይህ በ2.01 ሲባዛ 3.7 ይሆናል። ስለዚህ የ4 ኩንታሉ ልዩነት ከ0.3 እስከ 7.7 ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ በውስጡ ስለሌለ ለ እንደሚበልጥ በቂ ማስረጃ አለ። መስመሮቹ ጭራሽ ባይነካኩ ግን ልዩነት መኖሩን ያለ ሌላ ስሌት መቀበል ይቻላል። በሀ እና በሐ መካከል ያለው የ6 ኩንታል ልዩነት በአንጻሩ ከዜሮ በታች 1.2 ጀምሮ እስከ 13.2 ይዘረጋል፤ ስለዚህ በዚህ ማስረጃ ሐ ይበልጣል ማለት አይቻልም፥ እኩል ናቸው ማለትም አይቻልም።

መስመሩ የማያየውም ነገር አለ። 25ቱ ማሳዎች ከአምስት ቀበሌዎች አምስት አምስት ሆነው ቢወሰዱ፥ ጎረቤታም ማሳ አንድ አፈርና አንድ ዝናብ ስለሚጋራ፥ እውነተኛው ክልል ከላይ ከተሰላው ይሰፋል። አጫጁም ካሬውን ከዛላው ካማረበት ስፍራ መርጦ ቢያሳርፍ፥ ዓምዱ ከነመስመሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ መስመሩም ይህን ከቶ አይገልጥም።

መደበኛ ልይይት፥ መደበኛ ስሕተትና የ95 በመቶ ክልል በሥዕል ላይ አንድ መልክ አላቸው። ለወረዳ ሀ ግን ግማሽ መስመሩ በቅደም ተከተል 6፥ 1.2 እና 2.5 ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ ግርጌ መስመሩ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነና በየዓምዱ ስንት ማሳ እንደ ተመዘነ ይጻፍ፤ ይህ ያልተጻፈበት ሥዕል ሲደርስ ለላኪው ይመለስ።