የተመለሰው በቆሎ

ገዥው መጋዘን በር ላይ ሹሉ ቱቦ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ይዞት የወጣው እፍኝ በቆሎ ሲለካ 18 በመቶ እርጥበት ካሳየ መኪናው ዞሮ ወደ ቡሬ ይመለሳል፤ ብዙ ገዥ ከ13.5 በላይ አይቀበልማ። ኪራዩ እጥፍ ይሆናል፣ ጆንያውም ውስጥ ውስጡን መሞቅ ይጀምራል።

ተመላሹ ሲበዛ በቆሎውን የጫነው የገበሬዎች ማኅበር ስብሰባ ይጠራል። መልሱ ቀድሞ የታወቀ ነው፦ «ገበሬው ግዴለሽ ነው።» ምክር ይሰጣል፤ በመጪው ታኅሣሥም መኪናው ይመለሳል።

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሠልጣኝ የችግር መንስኤ መፈለጊያውን፣ የጃፓኑን የካኦሩ ኢሺካዋን የዓሣ አጥንት ሥሏል። ስዕሉ የሚበላሸው ገና ችግሩ ከሚጻፍበት ከዓሣው ራስ ነው። «ተመላሽ በዛ» ተብሎ ከተጻፈ አጥንቱ ማንኛውንም ነገር ይሸከማል። «ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት የተጫነ በቆሎ በእርጥበት ይመለሳል» ሲባል ግን ፍለጋው ይጠባል። ከዚያ በሰው፣ በመሣሪያ፣ በዕቃ፣ በአሠራር፣ በልኬትና በአካባቢ አጥንቶች ላይ ተጠርጣሪዎች ይሰቀላሉ፦ ሸራ ያልለበሰ መኪና፣ ባዶ መሬት ላይ የተደረደረ ጆንያ፣ ያለጊዜው የጣለ ዝናብ።

ተጠርጣሪ ግን ገና ጥፋተኛ አይደለም። የሚፈርደው የተመላሽ ደረሰኝ ነው። የፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ማኅበር ደረሰኞቹን በቀንና በቀበሌ ለያቸው እንበል። ተመላሹ ከአንድ ቀበሌ ብቻ ከሆነ መጋዘኑን፣ ዝናብ በጣለበት ቀን ብቻ ከሆነ ሸራውን እንይ። ከሁሉም ቀበሌ መጥቶ የካቲት ላይ የሚጠፋ ከሆነስ? ያኔ «ለምን»ን ደጋግመን እንጠይቅ።

ለምን ተመለሰ? እርጥብ ነበር። ለምን? ሳይደርቅ ተፈልፍሎ ጆንያ ገባ። ለምን? ገበሬው ቶሎ ሸጠ። ለምን አላቆየውም? እዚህ ላይ «ግዴለሽ ስለሆነ» ብሎ መቆም ይቀላል፤ እኔ ግን ሚዛኑን እጠይቃለሁ። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል 13.5 እስኪደርስ ቢደርቅ 95 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ማኅበሩ ለእርጥቡም ለደረቁም በኪሎ እኩል ከከፈለ፣ ያደረቀ ሰው ድካሙ ላይ አምስት ኪሎ ከሰረ። ለምን እኩል ይከፍላል? መለኪያው ያለው ገዥው በር ላይ እንጂ ገበሬው የሚያስረክብበት መጋዘን ውስጥ ስላልሆነ።

አምስተኛው «ለምን» ከሰው ወደ ዋጋ አወጣጥ ወሰደን። መለኪያ እስኪገዛ ደረቅ ጨውና በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ መናጥ ይቻላል፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አለመጣበቁ ግን ገዥው በር ላይ አያሳልፍም፤ 14 እና 14.5 በዚህ ፈተና ያመልጣሉ።

ማኅበሩ ለደረቅ በቆሎ የዋጋ ጭማሪ አድርጎ የታኅሣሥ ተመላሽ ካልቀነሰ፣ ሰንሰለቱ የሆነ ቦታ ተሳስቷል፤ ያኔ ደረሰኞቹን እንደገና ዘርግቶ ዓሣውን እንደ አዲስ መሣል ነው።