የቆየ ካርታ ዋጋ ከመተመኑ በፊት

በእጅዎ የካህኑ ዮሐንስን መንግሥት፣ ማለትም የሐበሻን ምድር የሚያሳየው የአብርሃም ኦርቴሊየስ ካርታ አለ እንበል። ካርታው መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1573 ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የተባዙ ቅጂዎችም አሉ።

በቅድሚያ ወረቀቱን ከክፈፉ አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሡት። በእጅ የተሠራው የዚያ ዘመን ወረቀት የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮችና እነርሱን የሚያቋርጡ፣ ተራርቀው የተሰመሩ ሌሎች መስመሮች ይታዩበታል። መስመር የለሽ ወረቀት በአውሮፓ ለመጽሐፍ የዋለው በ1757 ስለሆነ፣ ወረቀቱ እንዲህ ያለ ከሆነ ካርታው የኦርቴሊየስ ዘመን ሊሆን አይችልም። መስመር መታየቱ ብቻውን ግን አያረጋግጥም፤ ፋብሪካም ያስመስለዋል።

ቀጥሎ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ዋናው በመዳብ ሰሌዳ ስለታተመ መስመሩ ያልተቆራረጠ ነው፤ በዙሪያውም ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝ ይታያል። ጠርዙ በኋላ ተጭኖ ሊሠራ፣ የዋናውም ኅዳግ ተቆርጦ ሊጠፋ ስለሚችል እርሱን ብቻ ማመን አይገባም። ምስሉ በሥርዓት ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ግን የቅርብ ዘመን ማተሚያ ውጤት ነው።

እትሙን የሚለየው ጀርባው ነው። ካርታው ከአትላስ የወጣ ስለሆነ ከኋላው ጽሑፍ አለው፤ የጽሑፉ ቋንቋና የገጹ ቁጥር ተጣምረው የእትሙን ዓመት ይጠቁማሉ። ካርታውን ለውበት ብሎ በካርቶን ላይ ያስለጠፈ ባለቤት፣ ገማቹ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ማስረጃ ሸፍኗል።